ትከሻችሁን ማን ሰቀለው? ስለ ጭንቀት፣ ስለ ማጅራትና ስለ ራስ ምታት

እስቲ ወደ ወሬው ሳንገባ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። እንዳላችሁ ሁኑ፣ አትስተካከሉ። ትከሻችሁ አሁን የት ነው ያለው? ወደ ታች ልቀቁት። ወረደ? ከወረደ እስካሁን ተሰቅሎ ነበር ማለት ነው። ማንም አላዘዘውም፣ እናንተም አላወቃችሁም። ጥርሳችሁስ? የላይኛውና የታችኛው ተጋጥመው ከነበረ እሱም ያው ነው። የሳቃችሁት ሰዎች ገብቷችኋል።

ዛሬ የማወራው ስለዚህች ነገር ብቻ ነው። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ወደ እኔ የሚመጣው ሰው «ማጅራቴን ጨምድዶ ያዘኝ፣ ከዚያ ራሴን ያመኛል» ይላል። «ጅማቴ ተሳስሯል፣ እሺልኝ» የሚልም አለ። አሻለሁ። ደስ ይለዋል። በነጋታው ግን ያው ነው። ለምን ያው እንደሚሆን ካልገባን ደግሞ የምናሳየው እንቅስቃሴ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

በመጀመሪያ የትኛውን ራስ ምታት እንደምንል እንግባባ። የውጥረት ራስ ምታት የሚባለው ብዙ ጊዜ በሁለቱም በኩል ይመጣል። ይጫናል፣ ያጣብቃል እንጂ እንደ ልብ ምት ድው ድው አይልም። ሰዎች «ጭንቅላቴን በገመድ ጥፍር አድርገው ያሰሩኝ ይመስለኛል» ይሉታል፣ ከዚህ የተሻለ መግለጫ እኔም የለኝም። ከግማሽ ሰዓት እስከ ሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል። ያስጠላል፣ ያደክማል፣ ግን ደረጃ ስትወጡ አይብስም፣ አያስመልስም። የሚያስመልሳችሁ፣ ብርሃንም ድምፅም የሚያስጠላችሁ፣ ጨለማ ክፍል ገብታችሁ እንድትተኙ የሚያስገድዳችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ማይግሬን ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ማይግሬን ያለበት ሰውም ማጅራቱን ይይዘዋል። ስለዚህ «ማጅራቴ ስለተያዘ የውጥረት ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም።

አሁን ወደ ጡንቻው እንምጣ። ከራስ ቅላችሁ ግርጌ ተነስቶ፣ በአንገታችሁ ወርዶ፣ እስከ ትከሻችሁ ጫፍ የሚዘረጋ ሰፊ ጡንቻ አለ። ስሙ ትራፒዚየስ ይባላል። እጃችሁን ተቃራኒው ትከሻችሁ ላይ ብታደርጉ መጀመሪያ የምትጨብጡት ሥጋ እሱ ነው። ሰው ሲሰጋ አራት ነገሮች አብረው ይሆናሉ። ትከሻ ይነሳል፣ አገጭ ወደ ፊት ይወጣል፣ መንጋጋ ይገጥማል፣ ትንፋሽ ከሆድ ወደ ደረት ይወጣል። አደጋው እውነተኛ ከሆነ ይህ ጥሩ ነው፣ በደቂቃ ያልቃል። ጭንቀት ሲሆን ግን አያልቅም። የቤት ኪራይ፣ የታመመ ወላጅ፣ መልስ ያልተሰጠበት መልእክት፣ እነዚህ ሮጠህ የምታመልጣቸው ወይም ታግለህ የምትጥላቸው ነገሮች አይደሉም፣ ስለዚህ ሰውነት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ማንም «አለቀ፣ ውረድ» የሚለው የለም።

ጡንቻው በዚህ ጊዜ የሚጠቀመው ኃይል በጣም ትንሽ ነው። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ከባድ ዕቃ ብታነሱ ይደክማችኋል፣ ታስቀምጡታላችሁ። ይህኛው ግን ስለማይታወቃችሁ አታስቀምጡትም። ለሰዓታት በትንሹ የተወጠረ ጡንቻ ውስጥ ሥራውን የሚሸከሙት እነዚያው ጥቂት ቃጫዎች ናቸው፣ መጀመሪያ ይጠራሉ፣ መጨረሻ ይለቀቃሉ ተብሎ ይታሰባል። ሌሎቹ ተቀምጠው ያያሉ። ማታ ላይ ስትነኩት የሚያማችሁ ያ ነው።

«ታዲያ ማጅራቴ ተይዞ ግንባሬን የሚያመኝ ለምንድን ነው?» ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሁሌ ይጠየቃል። ከአንገት የላይኛው ክፍል የሚመጡት የሕመም ነርቮችና ከፊት የሚመጣው ትልቁ ነርቭ አንጎል ግርጌ ላይ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። መልእክቱ ሲደርስ አንጎል ከየት እንደመጣ መለየት ያቅተዋል። ከማጅራት የተነሳውን ሕመም ከዓይን ጀርባ ወይም ግንባር ላይ ያስቀምጠዋል። ትራፒዚየስን ጫን ስትሉት ሕመሙ በአንገት ጎን ወጥቶ ከጆሮ ግንድ በላይ የሚሰማችሁም ለዚህ ነው። ይህ ለወራት ሲደጋገም ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የሕመም ማስተላለፊያው ራሱ ስስ ይሆናል፣ ድሮ የማያመው ትንሽ ጫና አሁን ያማል። ስለዚህ የቆየ ራስ ምታት የጡንቻ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቼ ትንሽ እለያለሁ። ሰው ሲመጣ «ጡንቻህ አጥሯል፣ እንዘርጋው» ይባላል። በአብዛኛው አላጠረም። ያዝ የሚል ትእዛዝ እየደረሰው ነው። ትእዛዙ እየመጣ ጡንቻውን ብትዘረጉት ለአንድ ሰዓት ያርፋል፣ ከዚያ ይመለሳል። መዘርጋት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ አሳያችኋለሁ። ግን ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ትከሻው የሚሰቀልበትን ቅጽበት መያዝ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፣ ከብዙ ሰው የተገጣጠመ ነው። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የደንበኛ ስልክ የምትመልስ ሴት እንበል። ጠዋት ደህና ናት። ከቀኑ ዘጠኝ፣ አስር ሰዓት ሲሆን ማጅራቷ ይጀምራል፣ ቤቷ ስትገባ ግንባሯ ተጣብቋል። በወር ውስጥ ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት ያማታል። በየሳምንቱ ትታሻለች። አንገቷን በየማታው ትዘረጋለች፣ ያውም በደንብ። ምንም።

እንዲህ አይነት ሰው ሲገጥመኝ ለአንድ ሳምንት ሕመሙን እንዲተውልኝና ትከሻውን ብቻ እንዲመዘግብልኝ እጠይቃለሁ። በየሰዓቱ አንድ ጊዜ አይቶ፣ ተሰቅሎ ካገኘው ከዚያ በፊት ምን እየሆነ እንደነበር በአንድ ቃል ይጽፋል። የዚህችን ሴት ወረቀት ብታዩት እንዲህ ይላል፦ «ስልክ ጠራ»፣ «ስልክ ጠራ»፣ «አለቃ ጻፈልኝ»፣ «የተናደደ ሰው»፣ «ስልክ ጠራ»። ቀልድ ይመስላል። ስልኩን አንስታ ማውራት ከጀመረች በኋላ አይደለም፣ ከመጮኹ እስከ ማንሳቷ ባለችው ጊዜ ነው ትከሻዋ የሚወጣው። ትንፋሿንም ትይዛለች። ስታነሳው ደግሞ ትከሻው እዚያው ይቀራል፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ስልክ ከመምጣቱ በፊት የሚያወርደው የለም።

አሁን የምንሠራበት ነገር ተገኘ። ስልክ ሲጠራ ወዲያው አታነሳም። መጀመሪያ ትንፋሿን በአፏ ቀስ አድርጋ ታስወጣለች፣ ከዚያ ትከሻዋን ትለቃለች፣ ከዚያ ታነሳለች። ሦስት ሰከንድ ነው። መሳብ አይደለም፣ ማስወጣት። «በረጅሙ ተንፍሺ» ሲባል ሰው አየር ይስባል፣ ሲስብ ደግሞ ያው ትከሻ ይነሳል። ሲያስወጣ ነው የሚወርደው።

«ትከሻሽን ልቀቂ» ማለት ግን ለሁሉም አይሠራም። ለዓመታት ሰቅሎ የኖረ ሰው የወረደ ትከሻ ምን እንደሚመስል ይረሳዋል። ለዚህ ጥሩ መላ አለ። ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ጡንቻን ማላላት የሚማረው መጀመሪያ አውቆ በማጥበቅ እንደሆነ ያስተምር ነበር። እንዲህ ነው፦ ትከሻችሁን ወደ ጆሯችሁ አንሱ። በሙሉ ኃይል አይደለም፣ በግማሽ። ለአምስት ሰከንድ ያዙት። ከዚያ እያስተነፈሳችሁ በአንድ ጊዜ ልቀቁት፣ ቀስ ብላችሁ አታውርዱት፣ ይውደቅ። አስር፣ አስራ አምስት ሰከንድ ምንም ሳታደርጉ ልዩነቱን ስሙት። ሦስት ጊዜ ድገሙት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሁን እንሥራው። ... ብዙዎቻችሁ ሦስተኛው ላይ ከመጀመሪያው ዝቅ ብሏል፣ ጎረቤታችሁን ብታዩ ይታያል።

መንጋጋም እንዲሁ። ሳንበላና ሳንውጥ ጥርስና ጥርስ መነካካት የለባቸውም። ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ይለያይ፣ የምላስ ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ትረፍ። ጠዋት ስትነሱ ጉንጫችሁ የሚደክማችሁ ወይም ከጆሯችሁ በላይ የሚያማችሁ ከሆነ ሌሊት ጥርስ ታፋጫላችሁ ይሆናል፣ የጥርስ ሐኪም ማየት አለበት።

ወደ መዘርጋቱ እንምጣ። ሦስት ብቻ ነው የማሳያችሁ። አስራ አምስት ባሳያችሁ አንዱንም አትሠሩትም።

የመጀመሪያው ለትራፒዚየስ ነው። ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ የቀኝ እጃችሁን ቂጣችሁ ሥር አድርጋችሁ ተቀመጡበት፣ ትከሻው እንዳይነሳ ማሰሪያው እሱ ነው። አሁን የግራ ጆሯችሁን ወደ ግራ ትከሻ አዘንብሉ፣ ፊታችሁ ወደ ፊት እያየ። በቀኝ በኩል ሲሳብ ይሰማችኋል። ከሃያ እስከ ሠላሳ ሰከንድ ያዙት፣ ቀስ እያላችሁ እየተነፈሳችሁ። በየጎኑ ሁለት ሦስት ጊዜ። ሰው የሚያበላሸው የት ነው? በሌላኛው እጁ ጭንቅላቱን ይጎትታል። አትጎትቱ። እጁ ላዩ ላይ ማረፍ ይችላል፣ ክብደቱ ይበቃዋል። ከጎተታችሁ ጡንቻው ይሰጋና መልሶ ይጎትታችኋል።

ሁለተኛው ከአንገት ጎን ተነስቶ ጀርባ ላይ ወዳለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ለሚወርደው ጡንቻ ነው። «አንገቴን ማዞር አቃተኝ» ስትሉ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። እንደ በፊቱ እጃችሁ ላይ ተቀመጡ። ፊታችሁን ወደ ሌላው ጎን ግማሽ ያህል አዙሩ፣ ከዚያ ወደ ታች፣ አፍንጫችሁ ብብታችሁን የሚያይ ይመስል። የሚሳበው ከኋላ፣ ወደ ጀርባ ጠጋ ያለው ቦታ ከሆነ ልክ ናችሁ። ከፊት ወይም ከጉሮሮ አጠገብ ከሆነ አቅጣጫው ተሳስቷል።

ሦስተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው፣ ሲያዩት ግን ያስቃል። ከራስ ቅላችሁ ሥር፣ ማጅራታችሁ ላይ፣ በየጎኑ አራት ጥቃቅን ጡንቻዎች አሉ። አገጫችሁ ወደ ስክሪን ሲወጣ ዓይናችሁ ቀጥ ብሎ እንዲያይ ጭንቅላቱን ከኋላ የሚያጥፉት እነሱ ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ አያርፉም። አድርጉት፦ ዓይናችሁ ፊት ለፊት እያየ አገጫችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ግፉ፣ ወደ ታች አታጎንብሱ። ድርብ አገጭ ከወጣላችሁ ልክ ነው። አምስት ሰከንድ፣ አስር ጊዜ። ወንበር ላይ ካቃታችሁ ተኝታችሁ፣ ከማጅራታችሁ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጋችሁ ጀምሩ።

ሦስቱም ጠዋትና ማታ ቢሠሩ ይበቃል። ልክ የሆነ መሳብ ያምራል እንጂ አያምም። እጅ ላይ መደንዘዝ ወይም የሚሮጥ ሕመም ከመጣ፣ ወይም ከዞረባችሁ አቁሙና ለባለሙያ አሳዩ። አንገታችሁን ራሳችሁ ጠምዝዛችሁ ቀጭ ማድረግ ግን ተዉት። እፎይታው የደቂቃዎች ነው። ኃይለኛ ጥምዘዛ ደግሞ አልፎ አልፎ አንገት ውስጥ ያለውን የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል።

አቀማመጥ ላይ የምለው ምናልባት አይጥማችሁም። «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» የሚለው ምክር ለጭንቀታም ሰው መርዝ ነው። ደረቱን ነፍቶ፣ ትከሻውን ወደ ኋላ ሰብስቦ እንደ ወታደር ይቀመጣል፣ ያ ደግሞ ሌላ ውጥረት ነው። አንድ ትክክለኛ አቀማመጥ የሚባል የለም። ሳይንቀሳቀስ የቆየ ማንኛውም አቀማመጥ ያማል። የሚሻለው መቀያየር ነው፦ ደገፍ፣ ቀና፣ ተነስቶ ቆም። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ጊዜ ከወንበር መነሳት ብዙ ነገር ይቀንሳል።

ሆኖም አንድ ነገር ላይ ድርቅ እላለሁ፣ ክርናችሁ ይረፍ። እዚያች ሴት ጋ እንመለስ። ጠረጴዛዋ ለወንበሯ ከፍ ያለ ነበር፣ ስለዚህ ለመጻፍ ትከሻዋን ማንሳት ነበረባት፣ ስልክ ባይጠራም። መቀመጫውን ክርኗ ከጠረጴዛው እኩል እስኪሆን ከፍ አደረግነው። እግሯ ተንጠለጠለ፣ ከሥሩ መርገጫ ገባ። ክንዷ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ትራፒዚየሷ የክንዷን ክብደት መሸከም አቆመ። ስክሪኑ የላይኛው ጠርዙ ከዓይን ትይዩ፣ ርቀቱ እጅ ሲዘረጋ የሚደርስበት ያህል ሆነ። ላፕቶፕ ከሆነ ከሥሩ መጽሐፍ ደርድሩና ለብቻው ኪቦርድ ሰኩበት። ሞባይል ስታዩ ደግሞ ጭንቅላታችሁን ወደ ስልኩ አታውርዱ፣ ስልኩን አንሱት፣ ክርኑን በሌላው እጅ ደግፉት። ጭንቅላት አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ባዘነበለ ቁጥር የሚይዘው ማጅራት ነው።

እሷን ምን ጠቀማት ካላችሁ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ማለት ይቻላል። እንዲህ አይነቱ ነገር በሳምንታት እንጂ በቀናት አይለወጥም። መጀመሪያ የሚለወጠው ሕመሙ የሚጀምርበት ሰዓት ነው፣ ከዘጠኝ ሰዓት ወደ ማታ ይገፋል። ከዚያ ቀናቱ ይሳሳሉ። ሕመሙ ቀለል ሲል ማጠንከሪያ ጨመርንላት፣ ቀላል ክብደት ይዞ ትከሻን ማንሳትና ማውረድ፣ በላስቲክ መሳብ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። የጠነከረ ጡንቻ ያንኑ ሥራ ከአቅሙ በትንሹ ይሠራዋል።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ይህች ሴት በየቀኑ ማለት ይቻላል ማስታገሻ ትውጥ ነበር። ይህ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። እንደ ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን ያለ ተራ ማስታገሻ በወር አስራ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር በላይ የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ራሱ ሕመሙን ሊያቆየው ይችላል። ካፌይን ወይም ኮዴይን የተቀላቀለባቸው ከሆኑ ደግሞ አስር ቀን ይበቃል። ስለዚህ የወሰዳችሁባቸውን ቀናት ካላንደር ላይ አክብቡ። ለማቆም ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፣ ምክንያቱም ሲተው መጀመሪያ ላይ ይብሳል፣ ሰውም ፈርቶ ይመለስበታል።

ጊዜ የማይሰጡትን በአጭሩ ልንገራችሁ። በድንገት በሰከንዶች ውስጥ የሚፈነዳ፣ በሕይወታችሁ ያላያችሁት ከባድ ራስ ምታት። ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት። እጅ የሚያዝል፣ ንግግር የሚያንተባትብ፣ ዓይን የሚጋርድ። ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የመጣ። እነዚህ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬድባቸው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ፣ ሲያስል የሚብስ፣ በየሳምንቱ እየከፋ የሚሄድ ደግሞ ሐኪም ሳያየው አንገት አትዘርጉለት።

መጨረሻ ላይ ከኋላ ያለኸው ወንድሜ «ጭንቀቱ ካለ ትከሻ ማውረድ ምን ይፈይዳል?» ብለህ ጠይቀሃል። ልክ ነህ፣ በከፊል። ትከሻን ማውረድ ዕዳ አይከፍልም። ግን የተጨነቀ ሰው ማጅራቱን ሲያመው «ምን ሆኜ ነው?» ብሎ ሌላ ጭንቀት ይጨምራል፣ ያንን ዙር መስበር ይቻላል። እንቅልፍ ከነሳህ፣ ሥራህን ከያዘብህ፣ ጭንቀቱን ራሱን ማከም አለብህ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚሰጠው ሐሳብንና ልማድን የሚሠራበት ሕክምና አለ፣ ለራስ ምታቱም ይረዳል። ሕመሙ ከሦስት ወር በላይ በወር አስራ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ሐኪሞች አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን መድኃኒት በትንሽ መጠን፣ ማታ ማታ፣ ለመከላከያ ሊያዙ ይችላሉ። ወደ ሐኪም ስትሄድ የአንድ ወር ወረቀት ይዘህ ሂድ፦ ያመመህ ቀን፣ መድኃኒት የወሰድክበት ቀን፣ ትከሻህ ተሰቅሎ ያገኘህበት ሰዓት። ያለሱ ሐኪሙ «በወር ስንት ቀን ያምሃል?» ሲልህ «ሁሌ» ነው የምትለው።